ከቃለ መጠይቅ በኋላ በዚያው ቀን የሚላክ የምስጋና መልእክት፦ ፍላጎታችሁን ሳትደጋግሙ እንዴት ትጽፉታላችሁ?

ሠራተኛ ለመቅጠር ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ በተቀመጥኩባቸው ጊዜያት ብዙ የምስጋና መልእክት ደርሶኛል። አብዛኞቹ የላኪውን ስም ብትሸፍኑት ማን እንደጻፋቸው አይለዩም። ሰዎቹ ሰንፈው አልነበረም፤ ተጨንቀው፣ ቃል መርጠው ጽፈውታል። ግን ይህን ይመስላል፦

> በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ዛሬ ለቃለ መጠይቅ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በፋርማሲ በዲግሪ የተመረቅሁና የ4 ዓመት የሥራ ልምድ ያለኝ ሲሆን፣ በድርጅታችሁ ለመሥራት ከፍተኛ ፍላጎት እንዳለኝ በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ዕድሉ ቢሰጠኝ በትጋትና በታማኝነት እንደማገለግል አረጋግጣለሁ። ለሚደረግልኝ መልካም ትብብር ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ሰዋስዉ ላይ ስህተት የለም። ችግሩ ጠያቂዋ ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ በማመልከቻው፣ አንድ ጊዜ በሲቪው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከአፋችሁ መስማቷ ነው። «በድጋሚ» የሚለው ቃል ራሱ መደጋገማችሁን ያውጃል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ምስጋናውን ማመልከቻ አድርጎታል፤ ገና ላልተደረገ ነገር ማመስገን መጠየቅ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተሠራው በአንድ መለኪያ ላይ ነው፦ ወደ ክፍሉ ከመግባታችሁ በፊት ልትጽፉት ትችሉ የነበረ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይውጣ። የሚቀረው እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻ ልታገኙት የምትችሉት ነገር ነው። ፍላጎታችሁን የሚያሳየውም እሱ ነው።

በምሳሌነት አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ ይዘን እንሄዳለን። አዲስ አበባ ውስጥ ላለ የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊነት ቦታ አመልክታ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በአማርኛ ቃለ መጠይቅ ተደርጎላታል እንበል። ጠያቂዋን ወ/ሮ ሠናይት እንበላቸው።

## ደረጃ 1፦ ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ያዙ

መልእክቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሲጻፍ ሳይሆን ከመጻፉ በፊት ነው። «ጥያቄ ካለሽ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ እነዚህን ሳትይዙ አትውጡ።

አድራሻ። «ተጨማሪ ነገር ቢኖር በየትኛው ኢሜይል ልጻፍልዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም። ቢዝነስ ካርድ ከሰጧችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

የስም አጻጻፍ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ሠናይት ወይስ ሰናይት? ፀሐይ ወይስ ጸሐይ? ዓለሙ ወይስ አለሙ? ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለባለቤቱ ግን አንድ አይደሉም። ሰው ስሙን በልማዱ የሚጽፍበት ፊደል አለው፤ በር ላይ ያለውን ሰሌዳ፣ ካርዱን ወይም ከዚህ በፊት የላኩላችሁን ኢሜይል ግርጌ አይታችሁ እንዳለ ቅዱት። ወ/ሮ ይሁኑ ወ/ሪት ካላወቃችሁ አትገምቱ። «ጤና ይስጥልኝ ሠናይት» ብላችሁ ግሱን ሁሉ በእርስዎ ማድረግ ይቻላል።

የውሳኔ ቀን። «ውጤቱን መቼ ልጠብቅ?» በሉ። መልሱ «እስከ ሐሙስ» ከሆነ መልእክታችሁ ላይ ትጠቀሙበታላችሁ፤ «እስከ ሐሙስ ምላሽዎን እጠብቃለሁ» ማለት «ቶሎ አሳውቁኝ» ከማለት ይሻላል።

## ደረጃ 2፦ በወጣችሁ በ15 ደቂቃ ውስጥ ማስታወሻ ያዙ

ታክሲ ውስጥም ቢሆን፣ አጠገብ ባለ ካፌም ቢሆን፣ ስልካችሁን አውጡና ጻፉ። ቤት እስክትደርሱ ከቆያችሁ ጠያቂዋ የተናገሩት ቃል ጠፍቶ የእናንተ ጭንቀት ብቻ ይቀራል፦ «ያን ጥያቄ ምን ብዬ መለስኩ?» እያላችሁ ስታብሰለስሉ ትውላላችሁ።

የምትጽፉት ስለራሳችሁ መልስ አይደለም። ጠያቂዋ *የተናገሩትን* ነው፣ ከተቻለ በራሳቸው ቃል። የእኛዋ ባለሙያ ስልኳ ላይ የያዘችው ማስታወሻ ይህ ነው፦

> የሰኔ 30 ቆጠራ — 9 ቀን ሽያጭ ተዘጋ። «ቢን ካርዱ ሌላ ይላል፣ ኮምፒዩተሩ ሌላ ይላል» (ሁለቴ አሉት)
> መጋዘኑን ራሳቸው ወርደው አሳዩኝ
> ስለ ቀዝቃዛ ክፍሉ ጠየቁኝ፣ በደንብ መለስኩ
> አዲስ ቅርንጫፍ ሐዋሳ ሊከፍቱ ነው
> ውጤት — ሐሙስ

የተዘበራረቀ ቢሆን ምንም አይደለም። ቢን ካርድ የሚሉት የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ በእጅ የሚመዘገብበትን የመጋዘን ካርድ ነው። ዋናው «ሁለቴ አሉት» የሚለው ነው። ሰው ሁለት ጊዜ የሚያነሳው ነገር የሚያመውን ነው።

## ደረጃ 3፦ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

ከማስታወሻው አምስት መስመር ውስጥ ወደ መልእክቱ የሚገባው አንድ ነው። ሁሉንም ለማስገባት የሞከረ ሰው ቃለ ጉባኤ ጽፎ ያርፋል።

ምርጫውን በሦስት ጥያቄ አጣሩት። ይህን ነገር ከመግባቴ በፊት አላውቀውም ነበር? ከሥራው ጋር በቀጥታ ይገናኛል? እኔ ከሠራሁት ነገር ጋር የሚያያይዘው አለ?

የሐዋሳው ቅርንጫፍ አዲስ ወሬ ነው፣ ግን እሷ የምትጨምርበት የላትም። ቀዝቃዛ ክፍሉን በደንብ መልሳለች፤ እንደገና ብታነሳው ያው መደጋገም ነው። የሰኔው ቆጠራ ግን ሦስቱንም ያልፋል፦ አታውቀውም ነበር፣ የመጋዘን ኃላፊ ዋና ራስ ምታት ነው፣ እሷም በሠራችበት የሆስፒታል ፋርማሲ መጋዘን በየሳምንቱ አንድ አንድ መደርደሪያ እየቆጠረች ልዩነቱን ወዲያው ታጣራ ነበር። ያንን ደግሞ ስለተጨናነቀች ክፍሉ ውስጥ አልተናገረችም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጠያቂው የድርጅቱን ችግር ሲነግራችሁ አምኗችሁ ነው። ስለዚህ ችግሩን የምትጠቅሱት ለነገራችሁ ሰው በምትልኩት መልእክት ላይ ብቻ ነው። ለሌላ ሰው ወይም ለጋራ አድራሻ ከላካችሁት ሴትዮዋን አጋለጣችኋቸው ማለት ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤታችሁንም ገበና አታውጡ፤ «እኛ ጋ እንዲህ እናደርግ ነበር» ይበቃል።

## ደረጃ 4፦ ጻፉት

አባሪ አድርጋችሁ አትላኩት። በዎርድ ተጽፎ፣ ቀን ተሰጥቶት፣ ተፈርሞና ፒዲኤፍ ሆኖ የሚመጣ ምስጋና ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ይቀራል። በቀጥታ ኢሜይሉ ላይ ጻፉት። ከ90 እስከ 120 ቃል ይበቃል፤ ስልክ ላይ ሲከፈት በአንድ ገጽ ወይም ትንሽ በለጥ ብሎ የሚነበብ ማለት ነው።

ቋንቋው ቃለ መጠይቁ የተካሄደበት ቋንቋ ይሁን። በእንግሊዝኛ ተጠይቃችሁ በአማርኛ ማመስገንም፣ በአማርኛ ተጠይቃችሁ እንግሊዝኛ መደርደርም ወሬው ሌላ ቦታ የተደረገ ያስመስለዋል።

የባለሙያዋ መልእክት ይኸውና፦

> ርእስ፦ የዛሬ ጠዋቱ ቃለ መጠይቅ – የመጋዘን ኃላፊ
>
> ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ ሠናይት፣
>
> ዛሬ ጠዋት ጊዜ ሰጥተው ስላነጋገሩኝ፣ በተለይ መጋዘኑን ራስዎ ወርደው ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።
>
> የሰኔው ቆጠራ ሽያጭ አዘግቶ 9 ቀን እንደፈጀ የነገሩኝ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ ጋ ሁሉን በአንድ ጊዜ ከመቁጠር ይልቅ በየሳምንቱ አንድ መደርደሪያ እየቆጠርን ልዩነቱን በዚያው ሳምንት እናጣራ ነበር፤ ሰኔ ሲደርስ የሚቀረን ጥቂት ነበር። የእናንተ መጋዘን በጣም ስለሚሰፋ እንዳለ ይሠራል ብዬ አልደፍርም። ግን ከየትኛው መደርደሪያ መጀመር እንደሚሻል እያሰብኩ ነው ከግቢው የወጣሁት።
>
> ስመጣ ሥራው በዋናነት መድኃኒት ተረክቦ ማስረከብ መስሎኝ ነበር። ቢን ካርዱና ኮምፒዩተሩ አንድ ቁጥር እንዲናገሩ ማድረግ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ከጠዋቱ ይበልጥ ፈልጌዋለሁ።
>
> እንዳሉኝ እስከ ሐሙስ ምላሽዎን እጠብቃለሁ።
>
> (ሙሉ ስምና ስልክ)

አሁን ክፍል በክፍል እንየው።

ርእሱ። «ምስጋናን ይመለከታል» አይበቃም። በዚያ ቀን አምስት ሰው ጠይቀው ይሆናል። የሥራ መደቡንና ጊዜውን አስገቡ።

ምስጋናው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። «ከልብ»፣ «እጅግ በጣም»፣ «ቃላት የለኝም» አያስፈልገውም። ክብደት የሚሰጠው አመስጋኙ ያየው ዝርዝር ነው፤ እዚህ መጋዘኑን ወርደው ማሳየታቸው። በእኛ ልማድ መጀመሪያም መጨረሻም ማመስገን ጨዋነት ነው፣ በአፍ ሲሆን ያምራል። በመቶ ቃል ጽሑፍ ውስጥ ግን ሁለተኛው ምስጋና የመጀመሪያውን ያሟሟዋል።

አዲሱ ነገር። «እንዳለ ይሠራል ብዬ አልደፍርም» የምትለዋን መስመር አትዝለሏት። አንድ ሰዓት ያየችውን መጋዘን «እኔ እፈታዋለሁ» ብትል ኖሮ ዘጠኝ ቀን ሲቆጥሩ የከረሙትን ሰዎች ትንቃለች። አጠገቧ ያለው የራሷ ልምድ ደግሞ ሲቪዋ ላይ ያልነበረ፣ ክፍሉ ውስጥም ያልተባለ ነው።

አክብሮቱ። ለሰውየዋ እርስዎ፣ ለድርጅቱ እናንተ። «ስለጋበዛችሁኝ» ብሎ ጀምሮ «እንዳሉኝ» ብሎ «እንደነገርሽኝ» የሚጨርስ መልእክት አይቻለሁ። ጠያቂው ወጣት ቢሆንም፣ «አንተ በለኝ» ቢላችሁም፣ በጽሑፍ እርስዎን አትልቀቁ።

## ደረጃ 5፦ የፍላጎት ዓረፍተ ነገሯን ለብቻዋ ፈትሹ

የመልእክቱ ሁሉ ማጠንጠኛ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለሆነች ጊዜ ስጧት። «ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» ማለት ምንም አይጨምርም፤ ፍላጎት ባይኖራችሁማ ታክሲ ተሳፍራችሁ አትመጡም ነበር። ጠያቂው የማያውቀው ነገር *ካየኸው በኋላስ?* የሚለውን ነው። ብዙ ሰው ሥራውን ቀርቦ ሲያየው ይቀዘቅዛል፣ ቀጣሪም ይህን ያውቃል።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሯ ለውጥ ማሳየት አለባት፦ ስመጣ እንዲህ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን እንዲህ አወቅሁ፣ በዚህ ምክንያት ይበልጥ ፈለግሁት። እነዚህን አወዳድሩ።

- «በሥራው ላይ ያለኝን ፍላጎት በድጋሚ አረጋግጣለሁ።» ከመግባቷ በፊት መጻፍ ትችል ነበር። ይውጣ።
- «ውይይታችን ፍላጎቴን ጨምሮታል።» ይሻላል፣ ግን ምን ጨመረው? ለማንም ሊላክ ይችላል። ይውጣ።
- «ዋናው ሥራ ቢን ካርዱና ኮምፒዩተሩ አንድ ቁጥር እንዲናገሩ ማድረግ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ከጠዋቱ ይበልጥ ፈልጌዋለሁ።» ይህን ሌላ ተፈታኝ መጻፍ አይችልም። ይቆይ።

ለውጡ እውነት መሆን አለበት። ምንም አዲስ ነገር ካላወቃችሁ «እንደገመትኩት ሆኖ አገኘሁት፣ በተለይ ይህ ክፍሉ» ማለትም ሐቀኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ከተቀዛቀዛችሁም አታስመስሉ፤ አመስግናችሁ የፍላጎቱን መስመር ተዉት።

ቃሉን ደግሞ ከጠያቂዋ አፍ ውሰዱት። «ቢን ካርዱ ሌላ ይላል፣ ኮምፒዩተሩ ሌላ ይላል» ያሉት እሳቸው ናቸው። መልእክቱን ሲያነቡ የራሳቸውን ድምፅ ይሰማሉ። ሙሉ ዓረፍተ ነገራቸውን በትምህርተ ጥቅስ መልሳችሁ አትላኩ ግን፤ ያ ምስክርነት ይመስላል።

## ደረጃ 6፦ ጮክ ብላችሁ አንብቡና ቁረጡ

ለራሳችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ምላሳችሁ የሚያንቀላፋበት ቦታ ከደብዳቤ የተቀዳ ነው። «እያቀረብኩ»፣ «እየገለጽኩ»፣ «ሲሆን» እያሉ የሚቀጥሉትን ሰንሰለቶች በአራት ነጥብ በጥሱ። ከዚያ ሲቪያችሁን ጎን ለጎን ክፈቱና ሁለቱም ላይ ያለውን ነገር ከመልእክቱ ሰርዙ። ዲግሪው፣ የልምድ ዓመቱ፣ «ትጉህና ታማኝ» የሚለው፣ ሁሉም ይወጣል።

## ደረጃ 7፦ በሥራ ሰዓት ላኩት

ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተጠየቀ ሰው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢልክ ጥሩ ነው። ከግቢው ሳትወጡ የምትልኩት ቀድሞ የተዘጋጀ ይመስላል፤ ከማታው 4 ሰዓት የሚመጣው ደግሞ በማግስቱ ከሌላው ኢሜይል ሥር ይቀበራል። ቃለ መጠይቁ ያለቀው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ ግን እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ላኩት፤ ቀኑ ያው ቀን ነው።

ጂሜይል ላይ በ Schedule send ሰዓት ቆጥራችሁ የምትልኩ ከሆነ ተጠንቀቁ። ጂሜይል የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት እንዲሄድ ስትፈልጉ የምትሞሉት 3:00 PM እንጂ 9:00 አይደለም፤ 9:00 PM ብትሉት ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሄዳል።

በተጨማሪ በኮምፒዩተር Settings ውስጥ Undo Send የሚለውን ወደ 30 ሰከንድ ከፍ አድርጉት። ስም የተሳሳተ መሆኑ የሚታየን Send የሚለውን እንደተጫንን ነው።

## አንድ እርምጃ ሲበላሽ

ኢሜይላቸውን አላገኘሁም። ለቃለ መጠይቁ የጠራችሁን ሰው አድራሻ ተጠቀሙና «ለወ/ሮ ሠናይት ያስተላልፉልኝ» በሉ። በዚህ ጊዜ የድርጅቱን ችግር የሚጠቅሰውን መስመር አለስልሱት፤ «ስለ ቆጠራው ያጫወቱኝ» ይበቃል። ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ ፈልጋችሁ አትላኩ።

የጠሩኝ በቴሌግራም ነው። እዚያው መልሱ፣ ግን በ60 ቃል ገደማ። በአንድ መልእክት ይሁን፤ «ሰላም» ብሎ ልኮ መልስ መጠበቅ የለም። የድምፅ መልእክት፣ አበባና የተጣመረ እጅ ምስል ይቅር። ከተሳሳታችሁ ማረም ትችላላችሁ፣ edited የሚል ምልክት ግን ይታያል።

ሦስት ሰው ነበር የጠየቀኝ። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ከላካችሁ አዲሱ ነገር የተለያየ ይሁን፤ መልእክቶቹን ጎን ለጎን ማየታቸው አይቀርም። ለሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ነገር ከሌላችሁ ለሰብሳቢው ብቻ ላኩና «ለባልደረቦችዎም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ» በሉ።

አንድ ጥያቄ አበላሽቻለሁ። መልእክቱ የማስተካከያ ቦታ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አወጋገድን ሲጠይቁኝ የመዝገቡን ክፍል ሳልጠቅስ አልፌዋለሁ፤ ለይቶ መመዝገቡ ከሁሉ ይቀድማል።» ይቅርታ አትለማመጡ። የዚህን ጊዜ ከሰኔው ቆጠራ ይልቅ ይህ የእናንተ «አዲስ ነገር» ይሆናል፤ ሁለቱንም አታስገቡ።

ስሙን ተሳስቼ ላክሁት። በአንድ መስመር አርሙ፦ «ስምዎን በስህተት ጽፌዋለሁ፣ ይቅርታ ወ/ሮ ሠናይት።» ሙሉ መልእክቱን መልሳችሁ አትላኩ።

ቀኑ አለፈብኝ። በማግስቱ ጠዋት ላኩት፣ ስለ መዘግየቱ ሳታብራሩ። «የዛሬ» የሚለውን «የትናንት» ማድረግ ብቻ አትርሱ።

ቅጥሩ በኮሚቴና በነጥብ የሚወሰን መሥሪያ ቤት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ለአንድ የኮሚቴ አባል የግል ስልክ የሚላክ ምስጋና አማላጅነት ይመስላል፣ ሰውየውንም ያስጨንቃል። ማስታወቂያው ላይ መደወልም ሆነ መጻፍ አይቻልም ካለ አትላኩ። ካላለ ለሰው ኃይል ክፍሉ ይፋዊ ኢሜይል ሁለት መስመር ይበቃል። በየትኛውም ቦታ ቢሆን ቡና፣ ማር ወይም «ትንሽ ነገር» ከምስጋናው ጋር አይሄድም።

አሜሪካ ነው የተጠየቅሁት። እዚያ ይህ መልእክት የተለመደ ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ይጠበቃል። ስህተቱ ስም ላይ ነው፦ እኛ «አቶ»ን ከራስ ስም ጋር ስለምናስኬድ «ሚስተር ጆን» ብለን እንጽፋለን። ወይ ራሱን ባስተዋወቀበት የራስ ስም ብቻ ጥሩት፣ ወይ ሚስተርን ከቤተሰብ ስሙ ጋር አድርጉት።

መልስ አልመጣም። አይጠበቅም። ሐሙስ ከተባለ እስከ ዓርብ ከሰዓት ታገሡ፤ ከዚያ በዚያው ኢሜይል ላይ Reply ብላችሁ «ስለ ውጤቱ ለመጠየቅ ነው» በሉ፣ ሁለት መስመር። ፍላጎታችሁን እዚያ ላይ እንደገና አትጻፉ፤ ከሥር ያለው መልእክት አብሮ ይታያቸዋል።

«እናመሰግናለን፣ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እንዴት ነበር የምትቆጥሩት?» ብለው መለሱ። አሁን ምስጋናው አልቋል፣ ሥራው ተጀምሯል። በዚያው ቀን ለተጠየቀው ብቻ መልሱ፦ በየትኛው ቀን እንደምትቆጥሩ፣ ስንት ሰው እንደሚቆጥር፣ ልዩነት ሲገኝ ማን እንደሚፈርም።